የቀረበት ምክንያት

ገበየሁ ልብስ ሰፊ ነበር። እንጅባራ ገበያ ጥግ፣ ከአንድ ሱቅ በረንዳ ላይ በእግር የሚረገጥ የስፌት መኪናውን ዘርግቶ ሲውል ያላየው የአካባቢው ሰው የለም። ሰዉ ግን ልብስ ሰፊው አይለውም፤ አሠልጣኙ ነው የሚለው። አሠልጣኝነቱ እንጀራ አይሆነው፣ እንዲያውም ከእንጀራው ይቦጭቅበታል። የእንጅባራን የኳስ ክለብ ማልያ በነጻ ይሰፋል፤ የተተረተረ ኳስ ይጠግናል፤ ክረምት ከበጋ ጭቃ የጠገበ ቁምጣ ቤቱ ውስጥ እያሰጣ ሚስቱን እታለማሁን ያማርራል። እሷም «ከኔ በፊት ኳሷን ማግባት ነበረብህ» ትለዋለች፤ ግን ቁምጣውን የምታጥበው እሷው ናት።

በወጣትነቱ ደብረ ማርቆስ የፖሊስ ልብስ ሲሰፋ፣ ለፖሊሶቹ ቡድን ተከላካይ ሆኖ ይጫወት ነበር። ጉልበቱ ሲጎዳ መኪናውን በበቅሎ ጭኖ ወደ ሚስቱ አገር መጣ። እንጅባራ ሲደርስ ልጆቹ በጨርቅ ኳስ ሲራገጡ አየ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰውየው ለሌላ ነገር አልሆነም። አንድ ክፉ ልማድም ነበረው። ዓይኑ ይለካል። ሰው ቆሞ ሲያወራው ትከሻውን ይለካል፤ ተጫዋች ሲሮጥ ደግሞ ስንት ጊዜ ኳስ እንደ ነካ፣ ስንቱን እንዳበላሸ በሆዱ ይቆጥራል። በሆዱ የቆጠረውን ግን ማን ያምነዋል?

ነገሩ ሁሉ የመጣው ከዚሁ ነው። በሐምሳ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ክለቡ ለአውራጃው ውድድር ወደ ዳንግላ ሲሄድ፣ ቦርዱ ሽባባውን ከቡድኑ አወጣው። ሽባባው የዘንገና ልጅ ነው፤ የገበሬው የቢሻው ልጅ። ከዘንገና ሐይቅ ማዶ ተነሥቶ በእግሩ እየመጣ የሚጫወት፣ አማርኛው እየተሰባበረ አገውኛው የሚጥም፣ ኳስ ከሰው እግር ሥር ሲወስድ ሰውየው እንኳ ዘግይቶ የሚያውቅ ተከላካይ ነበር። ቦርዱ ያወጣው «ልምምድ ይቀራል፤ ሰነፍ ነው» ብሎ ነው። በቦታው የገባው የሊቀመንበሩ የፊታውራሪ አድማሴ የእኅት ልጅ፣ ስማቸው የሚባለው ነበር፤ ልምምድ አይቀርም፣ ሜዳ ውስጥም አይሮጥም። ዳንግላ ላይ አራት ጎል ገባባቸው። ሽባባው ያን ጊዜ ልምምድ የቀረው ገብስ ሲያጭድ መሆኑን ገበየሁ ያውቃል። አውቆም አፉን ይዞ በመቅረቱ ክረምቱን ሙሉ ሲንገበገብ ከረመ።

መስከረም ሲጠባ መኪናውን ትቶ ደብዳቤ ጻፈ። ጽሕፈቱ የቄስ ትምህርት ቤት ነው፤ ፊደሉ ወፍራምና ቀጥ ያለ። ደብዳቤው እንዲህ ይላል፦

«ለተከበረው የክለባችን ቦርድ። ጉዳዩ፦ የተጫዋቾችን ሥራ በጥቂት ወጪ መዝግቦ ስለ መያዝ። ባለፈው ዓመት የደረሰብን ሽንፈት ማን ምን እንደ ሠራ በወሬ እንጂ በማስረጃ ባለማወቃችን ነው ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ በእያንዳንዱ ግጥሚያ ሁለት ጸሐፊዎች ከሜዳው ዳር ይቀመጡ። አንዱ የኋላ ተጫዋቾችን፣ ሌላው የፊት ተጫዋቾችን ብቻ ይመልከት፤ አንድ ሰው ሁሉን አያይምና። ለየተጫዋቹ በተሰመረ ወረቀት ላይ ለወገን ያቀበለው ኳስ አንድ ጭረት፣ ለባላጋራ የሰጠው አንድ ጭረት፣ ከባላጋራ የቀማው አንድ ጭረት፣ ወደ ጎል የመታውም እንዲሁ ይደረግበት። ስንት ደቂቃ እንደ ተጫወተም ይጻፍ። ሙሉ ግጥሚያ የተጫወተና እኩሌታውን የተጫወተ በጭረት ብዛት ቢወዳደሩ ፍርድ ይጓደላልና፣ ካቀበለው ከአሥሩ ስንቱ ለወገን ደረሰ ተብሎ ይሰላ። በአንድ ቀን ግጥሚያ ማንም አይፈረድበት፤ ቢያንስ አምስት ግጥሚያ ይጠበቅ። ወጪው ወረቀት፣ ማስመሪያ፣ ሁለት እርሳስና ካርቦን ነው፤ ከአንድ ኳስ ዋጋ ያንሳል። ሰዓት እኔ እዋሳለሁ። በተጨማሪ ልምምድ የቀረ ሁሉ የቀረበት ምክንያት ይጻፍለት፤ ተኝቶ የቀረና ሥራ ይዞት የቀረ አንድ አይደሉምና። አንዱ ቅጂ በእኔ ዘንድ፣ ሁለተኛው በቦርዱ ጸሐፊ ዘንድ ይቀመጥ።»

ይችን የመጨረሻዋን ነገር ሲጽፍ ደስ ብሎት ነበር። ሽባባውን የሚያድነው ጭረቱ ብቻ ሳይሆን ምክንያቱ መሆኑን ያውቃላ። ለእታለማሁ ጮክ ብሎ አነበበላት። እሷ የዘንገና ሰው ናት፣ ማንበብ ባትችልም ጆሮዋ አይስትም። «ሁሉም መልካም ነው» አለችው፤ «የሰው ሥራ ግን ምን ያደርግልሃል? አልመጣም ብለህ ጽፈህ ዝም አትልም?»

«ዝም ስል ነዋ ሰነፍ ያሉት» አላት።

ቦርዱ የተሰበሰበው በሱቁ ጓዳ፣ በጨው ከረጢቶች መካከል ነው። ፊታውራሪ አድማሴ ወንበር ላይ፣ የቀሩት ሣጥን ላይ ተቀመጡ። ፊታውራሪ ደብዳቤው ሲነበብ ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡና «አንተ ሰው፣ ኳስ ነው ወይስ የጉምሩክ ኬላ?» አሉ። ሰዉ ሳቀ። ገበየሁ አልሳቀም። ከሁለት ሳምንት በፊት ሽባባውን ባሰለፈበት የወዳጅነት ግጥሚያ ላይ ራሱ የያዘውን ወረቀት አውጥቶ ዘረጋ። ስማቸው ካቀበላቸው ከአሥሩ ኳስ ስድስቱ ለባላጋራ ደርሷል። ሽባባው ከአሥሩ ስምንቱን ለወገን አድርሷል። ፊታውራሪ ወረቀቱን ገልበጥ አድርገው አዩት፤ ማንበቡ ብዙም አይሆንላቸውም፣ ጭረት መቁጠር ግን ማንም አያቅተውም።

«አንድ ቀን ነው» አሉ።

«ለዚህ ነው አምስት ግጥሚያ ይጠበቅ ያልኩት፣ ጌታዬ።»

ደብዳቤውን ከልቡ የወደደለት የቦርዱ ጸሐፊ አቶ ዓለምነው ነበር። ዓለምነው የመንግሥት ጸሐፊ ነው፤ የተሰመረ ወረቀት ሲያይ ፊቱ የሚፈካ፣ ሰው የማይጎዳ፣ ለማንም ክፉ የማያስብ ሰው። «ሐሳቡ ዘመናዊ ነው» አለ። «አንድ ነገር ብቻ ይታረም። ሥራ ይዞት ቀረ ማለት አይበቃም፤ ሁሉም ሥራ ነበረኝ ይላል። ምን ሥራ እንደ ሆነ ይገለጽ።» ገበየሁ አሰበውና እውነት መስሎ ታየው። እንዲያውም ለራሱ ለምን ቀድሞ እንዳልመጣለት ገረመው። ተስማሙ፤ ፊታውራሪም የማኅተም ቀለበታቸውን ደብዳቤው ላይ አተሙበት።

ከዚያ በኋላ የመጣው ጊዜ የገበየሁ ደግ ጊዜ ነበር። የትምህርት ቤቱ መምህር በዛብህ የኋላዎቹን፣ የወፍጮ ቤቱ ጸሐፊ የፊተኞቹን ይዘው ከሜዳው ዳር ድንጋይ ላይ ይቀመጣሉ። መጀመሪያ ላይ በዛብህ ጎል ሲገባ እየዘለለ ጭረቱን ይረሳ ነበር፤ ገበየሁ ተቆጥቶ አስተወው። ከአምስተኛው ግጥሚያ በኋላ ስማቸው ተጠባባቂ ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ በቦታው ሽባባው ገባ። ፊታውራሪ ጭረቱን አስቆጠሩ፣ ደግመው አስቆጠሩ፣ ከዚያም «እንግዲህ ምን ይደረግ» ብለው ወረቀቱን መለሱ። ጫግኒን በሜዳዋ፣ በሙቀቷ ውስጥ አሸነፉ። የግምጃ ቤት ከተማን ቡድንም አሸነፉ። ሰዉ በረንዳው ላይ እየመጣ የራሱን ልጅ ጭረት ይጠይቅ ጀመር፤ አንዳንዱ ሱሪ ሊያስለካ መጥቶ ጭረት ሰምቶ ይሄዳል።

የልምምዱ ወረቀት ደግሞ ለብቻው ነበር። ከገጠር የሚመጡት ተጫዋቾች ኅዳርና ታኅሣሥ አጨዳ ስለሚይዛቸው ይቀራሉ። በማግስቱ ሲመጡ ገበየሁ እርሳሱን ይዞ «ምን ይዞህ ነው?» ይላቸዋል። እነሱም ይነግሩታል። ሽባባው በተለይ አምና ሰነፍ መባሉ አንጀቱን ቆርጦት ስለ ነበር አንድም አያስቀርም፤ የሠራውን ሁሉ ደረቱን ነፍቶ ይዘረዝራል። «ገብስ አጨዳ። ከሐይቁ በላይ ያለው ማሳ።» «ገብስ አጨዳ። ከወንዙ ዳር።» «ዳጉሳ ውቂያ።» «ድንች ጭነት፣ በሁለት ፈረስ።» ገበየሁ እየተደሰተ ይጽፋል። ሰነፍ ያሉት ልጅ እንዲህ ሲሠራ የከረመ መሆኑን ቦርዱ ይይ።

አንድ ነገር ግን አልጻፈም። ለኳስ ምን ይጠቅማል ብሎ ተወው። ዘንገና ላይ ሰው የራሱን ማሳ ብቻ አያጭድም፤ ወንፈል ነው። ዛሬ ያንተን፣ ነገ የኔን፣ ከነገ ወዲያ የእገሌን። ሽባባው «ገብስ አጨዳ» ሲል ከስንት አንዱ ቀን ብቻ ነበር የአባቱ ማሳ። ከሐይቁ በላይ ያለው የጎረቤታቸው የአዝመራው ነው። የወንዙ ዳር የሌላ ሰው፣ ዳጉሳውም የሌላ። ሁለቱም ፈረሶች በውሰት የመጡ ናቸው። ሽባባው ይህንንም ይነግረው ነበር፤ ገበየሁ ግን ሠንጠረዡ ጠባብ ነውና «ገብስ አጨዳ፣ ከሐይቁ በላይ» ብሎ ያልፋል። ልጁ ሥራ ላይ እንደ ነበር ከታወቀ የማን ማሳ መሆኑ ለአሠልጣኝ ምን ያደርግለታል?

በዚያው ሰሞን የአዲሱ የእርሻ ገቢ ግብር ወሬ መጣ። ከዚያ በፊት ገበሬው በቀደምት አባት ስም የተቆረጠውን ግብር በአጥቢያው አዋጥቶ ይሰጣል፤ ማን ምን ያህል አጨደ ብሎ በየስሙ የጠየቀ አልነበረም። አሁን ግን የእያንዳንዱ ምርት ይገመታል ተባለ። ገበያው ላይ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያወራ ጀመር። አንዳንድ ቦታ ገማቾቹን አናስገባም ያሉ እንዳሉ ተሰማ። ለገበየሁ ነገሩ የሩቅ ነበር፤ እሱ መሬት የለውም፣ ያለው መኪናና መቀስ ነው። እታለማሁ ግን አንድ ቀን ማልያ እያጠበች «ያ ወረቀት አሁንም ለዓለምነው ይሄዳል?» ብላ ጠየቀችው።

«የክለብ ወረቀት ነው» አላት።

«ዓለምነውን ከገማቾቹ ጋር ጨምረውታል ይላሉ።»

ገበየሁ መኪናውን ረግጦ አቆመ። ከዚያም መልሶ ረገጠው። ዓለምነው እንዲህ ያለ ሰው አይደለም ብሎ አሰበ፤ ደግሞም እውነቱን ነው፣ ዓለምነው ክፉ ሰው አልነበረም። ሄዶ ወረቀቱን ልመልስ ቢል ምን ብሎ ይጠይቃል? አምኖ የተቀበለኝን ሰው ልጠርጥር? ለራሱ እንዲህ እያለ ቀናቱን አሳለፈ። ሊጠይቅ ያሰበበት ቀን ነበር፤ የዳንግላው ውድድር መቃረቡን አስቦ ቦርዱን ላለማስቀየም ተወው።

የካቲት ላይ ሽባባው ልምምድ ሳይመጣ ቀረ። አንድ ቀን ቢሆን ምንም አልነበረም፤ ግን ደጋገመው፣ አጨዳውም ካለቀ ቆይቷል። ገበየሁ ጉልበቱን እያሻሸ ወደ ዘንገና ወጣ። ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ሲደርስ ያገሩ ሰው ሁሉ ከአንድ ዋርካ ሥር ተሰብስቦ አገኘ። የመንግሥት ነጭ ለባሾች ጠመንጃ አንግተው ዳር ዳር ቆመዋል። ጠረጴዛ ተዘርግቷል፤ ከጠረጴዛው ኋላ ገማቾቹ፣ ከጎናቸው ደግሞ ዓለምነው ብዕሩን ጆሮው ላይ ሰክቶ ተቀምጧል። ፊት ለፊታቸው የሽባባው አባት ቢሻው ጋቢውን አደግድጎ ቆሟል። ሽባባው ከሕዝቡ መካከል ነበር፤ ገበየሁን ሲያይ ፊቱን አዞረ።

«አንድ የገብስ ማሳ፣ አንድ የድንች መደብ አለኝ» ይላል ቢሻው በአገውኛ። አንዱ ያስተረጉማል።

ዓለምነው ከወረቀቶቹ መካከል አንዱን መዘዘ። ገበየሁ ከሩቅ አወቀው። ያሰመረው እሱ ነው፤ ዳሩ ላይ ካርቦኑ ሰማያዊ አሻራውን ትቶበታል። ዓለምነው ጉሮሮውን ጠርጎ ማንበብ ጀመረ። «ሽባባው ቢሻው። ገብስ አጨዳ፣ ከሐይቁ በላይ። ገብስ አጨዳ፣ ከወንዙ ዳር። ገብስ አጨዳ፣ የቤቱ ጀርባ። ዳጉሳ ውቂያ። ድንች ጭነት፣ በሁለት ፈረስ።» በተነበበ ቁጥር ዋናው ገማች ጣቱን እያጠፈ ይቆጥራል። የገበየሁ ቃል፣ የገበየሁ እጅ ጽሕፈት፣ በዓለምነው ድምፅ በአጥቢያው ሰው ፊት ተነበበ።

አንዲት ሴት በአገውኛ ስሙን ጠራች፤ ሰዉ ሁሉ ዞሮ ገበየሁን አየው። እንደ ምንም ወደ ፊት ቀረበና ባርኔጣውን አወለቀ።

«ጌቶቼ፣ ያ ወረቀት የኔ ነው። ለኳስ ነው የተጻፈው። እዚህ ላይ ገብስ አጨዳ የሚለው ወንፈል ነው እንጂ የሳቸው ማሳ አይደለም።»

ዓለምነው ተጨንቆ አየው። «ወንፈል የሚል አልተጻፈም፣ አቶ ገበየሁ።»

«እኔ ነኝ ያልጻፍኩት። ስሕተቱ የኔ ነው።»

ዋናው ገማች ቀዝቀዝ ያለ ሰው ነበር። «መልካም» አለ፤ «ስሕተት ከሆነ ይታረማል። ታዲያ ከሐይቁ በላይ ያለው ማሳ የማን ነው? የወንዙ ዳርስ? ስማቸውን ንገረንና ከዚህ ሰውዬ ላይ ቀንሰን ከባለቤቶቹ ላይ እንጨምር። አታውቅም?»

ገበየሁ ያውቃል። ሽባባው ሁሉንም ነግሮታል። አዝመራው በአምስት እርምጃ ርቀት ላይ ቆሞ መሬት መሬት ያያል። የወንዙ ዳር ባለማሳም አለ። የዳጉሳውም አለ። ሁሉም አሉ፤ አንድም ሰው ቀና አላለም። ገበየሁ አፉን ከፈተ። ምን ሊል እንደ ነበር እሱም በኋላ ለራሱ አላወቀውም፤ ይናገር ይሆናል፣ አይናገር ይሆናል። ቢሻው ግን አልጠበቀውም። ገበየሁ እሱን በአማርኛ ሲናገር የሰማው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

«በቃህ። የጻፍከው ይበቃል።»

ከዚያም ወደ ጠረጴዛው ዞሮ ዝም አለ። ማሳው የማን ነው አሉት፣ ዝም። ያንተ ነው ብለን እንመዝግብ አሉት፣ ዝም። አውራ ጣትህን ቀለም ውስጥ ነክረህ አትም አሉት፤ እጁን ጋቢው ውስጥ ከተተው። ዋናው ገማች ወደ ነጭ ለባሾቹ አየ። ሽባባው ወደ ፊት ሊወጣ ሲል አባቱ በአገውኛ አንዲት ቃል ተናገረው፤ ልጁ ባለበት ቆመ። ቢሻውን ክንዱን ይዘው ወደ እንጅባራ ወሰዱት፣ ከዚያም ወደ ዳንግላ ወህኒ ቤት። በመንገዱ ዳር የቆመው ሰው አንድም ድምፅ አላሰማም፤ ሲያልፍ ግን ወንዱ ሁሉ ከባርኔጣውም ከጥምጣሙም ራሱን ገለጠ።

ገበየሁ ለማስፈታት ያልረገጠው ደጅ አልነበረም። ፊታውራሪ አድማሴ ጋ ሄደ፤ ፊታውራሪ «እኔ የኳስ ሊቀመንበር ነኝ፣ የወህኒ አይደለሁም» አሉት። ዓለምነው ጋ ሄደ። ዓለምነው ያለቅስ የነበረ ይመስላል። «ስለ አጨዳው ወረቀት አለህ ወይ ብለው ጠየቁኝ፤ አለኝ አልኩ። እንዴት ልበል? እርስዎስ በኔ ቦታ ቢሆኑ?» አለው። ወረቀቱን ልውሰድ ቢል ከመዝገብ ገብቷል ተባለ። ከገጠር የሚመጡት ተጫዋቾች አንድ በአንድ ጠፉ፤ ቤታቸው ሲሄድ እናቶቻቸው በሩን አይከፍቱለትም። እታለማሁ ዘንገና ለቅሶ ሄዳ ሰው አጠገቧ ሳይቀመጥ ተመለሰች። ነገርኩህ ግን አላለችውም።

ቡድኑ ያም ሆኖ ሚያዝያ ላይ ዳንግላ ወረደ። ስማቸው ወደ ቦታው ተመለሰ። ከዕረፍት በፊት ሁለት ገባባቸው። በዛብህ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ጭረቱን ይጭራል፣ ገበየሁ ደግሞ ከአጠገቡ የመጡትንና የቀሩትን የሚጽፍበትን ወረቀት ይዞ ቆሟል፤ ቦርዱ ይቀጥል ብሏልና። ዕረፍት ላይ ዞር ሲል ከሜዳው ዳር በሚያልፈው መንገድ ሽባባውን አየው። በትከሻው አገልግል አንግቷል። ወደ ወህኒ ቤቱ ነው የሚሄደው። ስንቅ ሊያቀብል።

ገበየሁ እየሮጠ ደረሰበት። «አባትህ እንዴት ናቸው?» አለው።

«ያስላቸዋል።»

«እኔ… ሽባባው፣ እኔ አንተን ለማዳን ብዬ…»

ሽባባው አገልግሉን በሌላው ትከሻው ላይ አደረገና የገበየሁን እጅ አየ። እርሳሱ በእጁ ነበር።

«ዛሬም ቀርቻለሁ፣ ጋሼ» አለው። ድምፁ ቁጣ የለውም፤ ሁልጊዜ በልምምድ ማግስት እንደሚነግረው ሁሉ ቀስ ብሎ፣ ቃሉን እየመረጠ። «ምክንያቱን ይጻፉልኝ። አባቱን ሊያይ ወህኒ ሄደ ይበሉ።»

ሄደ። ገበየሁ ወደ ሜዳው ተመለሰ፤ ሁለተኛው አጋማሽ ተጀመረ፤ ሲያበቃ አራት ሆኗል፣ ልክ እንደ አምናው። ዓለምነው ወረቀቶቹን ሊሰበስብ መጣ። የሽባባው ስም ፊት ለፊት የቀረበት ምክንያት የሚለው ሣጥን ባዶ ነበር።

«ይህ አልተሞላም» አለ፣ እንደ ልማዱ።

«አውቃለሁ» አለው ገበየሁ። ወረቀቱን አልሰጠውም። አጥፎ ኪሱ ከተተውና ከክለቡ የወጣው በዚያው ቀን ነው። ቦርዱ በሰኔ የምስጋና ደብዳቤ ጻፈለት፤ የምዝገባው ሥራ ለሌሎች ክለቦችም ምሳሌ ይሆናል ይላል። ገበየሁ አነበበው፣ ለእታለማሁ ግን አላነበበላትም።

ቢሻው በነሐሴ ተስቦ ይዞት ወህኒ ቤት ውስጥ ሞተ። ሬሳውን በዝናብ በቃሬዛ ተሸክመው ዘንገና አስገቡት። ገበየሁ ለቅሶው ላይ ሲደርስ ማንም አላባረረውም፤ ማንም ደግሞ ጠጋ በል አላለውም። ከድንኳኑ ጫፍ፣ ውኃ ከሚያንጠባጥብበት ቦታ ተቀመጠ። ሽባባው ከፊት ራሱን ተላጭቶ ተቀምጧል፤ አንድ ጊዜም ወደ ኋላ አላየም።

ቆይቶ አንድ ሰው ከአጠገቡ መጥቶ ተቀመጠ። አዝመራው ነበር። ዝናቡን ሲያይ ቆየ።

«ከሐይቁ በላይ ያለው ማሳ የኔ መሆኑን ታውቅ ነበር፣ አይደል?» አለው።

«አውቅ ነበር።»

«እኔም አውቅ ነበር» አለ አዝመራው።

ዝናቡ እስኪያባራ ድረስ ሁለቱ ጎን ለጎን፣ ከድንኳኑ ጫፍ ተቀመጡ።